ከነጥብ ወደ ዐረፍተ ነገር፦ የስላይድ ጽሑፍን ወደ ተያያዥ የዘገባ ጽሑፍ ስለ መለወጥ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በነጥብ የተዘረዘረ የስላይድ ጽሑፍ ወደ ዘገባ ሲዛወር ብዙውን ጊዜ የሚደረገው የነጥብ ምልክቶቹን አንሥቶ ሐረጎቹን በመስተጻምር ማያያዝ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሥራው ከዚያ የተለየ መሆኑን ያስረዳል። በስላይድ ላይ ሳይጻፉ የሚቀሩ ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ማሠሪያ ግሡ፣ በነጥቦች መካከል ያለው ዝምድና እና የእያንዳንዱ ነጥብ ክብደት ናቸው። ዘገባ ግን ሦስቱንም ያስገድዳል፤ ሦስቱም ማስረጃ የሚጠየቅባቸው አባባሎች ናቸው። ጉዳዩን በተግባር ለማሳየት በኮሎምቢያ የጠፈር መንኮራኩር የመጨረሻ በረራ ወቅት የቀረበ አንድ ስላይድ ደረጃ በደረጃ ወደ አንቀጽ ይለወጣል። ከዚያም በአማርኛ ጽሑፍ ላይ በተለይ የሚታዩ ስሕተቶች ይመረመራሉ።

ቁልፍ ቃላት፦ ስላይድ፣ ዘገባ፣ ማሠሪያ ግሥ፣ መስተጻምር፣ ቦዝ ግሥ

1. መግቢያ

በድኅረ ምረቃ ትምህርት የጥናት ውጤት በመጀመሪያ በስላይድ፣ ቀጥሎ በጽሑፍ የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ነው። ተማሪው በሴሚናር ላይ በስላይዱ አጠገብ ቆሞ ይናገራል። አንዱን ነጥብ ጠበቅ አድርጎ ያነበዋል፤ ሌላውን በአንድ ቃል ያልፈዋል፤ ከአድማጭ ለሚነሣ ጥያቄም በቃል መልስ ይሰጣል። በስላይዱ ላይ የጎደለውን የሚሞላው ይህ ንግግር ነው። አቅራቢው ከመድረክ ሲወርድ ንግግሩ አብሮት ይሄዳል፤ የሚቀረው ነጥቡ ብቻ ነው። ዘገባ ጸሐፊው፣ እርሱ ራሱ አቅራቢው ቢሆንም እንኳ፣ ከሳምንታት በኋላ ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ቅሪት ነው።

ስለዚህ ከስላይድ ወደ ዘገባ የሚደረገው ለውጥ አጭሩን ማስረዘም ተደርጎ ሊታይ አይገባም። አጭሩ ነጥብ የተሟላ ሐሳብ በጥቂት ቃላት የያዘ ቢሆን ኖሮ ማስረዘሙ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ነጥቡ አብዛኛውን ጊዜ ገና ያልተወሰነ ሐሳብ ይይዛል። ጸሐፊው ነጥቡን ዐረፍተ ነገር ሲያደርገው ያልተወሰነውን ይወስናል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ውሳኔው የሰዋስው ሳይሆን የማስረጃ ውሳኔ ነው የሚል ነው።

2. ነጥቡ ሳይናገር የሚያልፈው

በአማርኛ የተጻፈ ነጥብ ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው «መ» በሚለው ምዕላድ በሚመሠረት የግሥ ስም ነው። «መጨመር»፣ «መኖር»፣ «አለመሟላት» የሚሉት ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። የግሥ ስም ድርጊቱን ይጠራል እንጂ ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንደተደረገ፣ በእርግጥ መደረጉን ወይም እንደሚደረግ መገመቱን አይናገርም። እነዚህን ሁሉ በአማርኛ የሚሸከመው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚመጣው ማሠሪያ ግሥ ነው። ነጥቡ ደግሞ በትክክል ይህን ግሥ ይቆርጣል።

ለምሳሌ በአንድ የግብርና ጥናት ስላይድ ላይ የሚከተሉት ሦስት ነጥቦች ተጽፈዋል እንበል።

– የአርሶ አደሮች ሥልጠና መውሰድ
– የማዳበሪያ አጠቃቀም መጨመር
– የምርት ዕድገት

እነዚህ ነጥቦች ቢያንስ በሦስት መንገድ ዐረፍተ ነገር ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛው «አርሶ አደሮቹ ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ የማዳበሪያ አጠቃቀማቸውም ምርታቸውም ጨምሯል» የሚል ሲሆን የጊዜ ቅደም ተከተልን ብቻ ይናገራል። ሁለተኛው «አርሶ አደሮቹ ሥልጠና በመውሰዳቸው የማዳበሪያ አጠቃቀማቸው ጨምሯል፤ ይህም ምርታቸውን አሳድጎታል» ይላል፤ ይህ የምክንያትና የውጤት አባባል ነው። ሦስተኛው «ሥልጠና የወሰዱ አርሶ አደሮች ካልወሰዱት ይልቅ ማዳበሪያ የሚጠቀሙና የተሻለ ምርት የሚያገኙ ሆነው ተገኝተዋል» ሲል የሁለት ቡድኖችን ልዩነት ይገልጻል፤ ልዩነቱ ከሥልጠናው በፊት የነበረ ሊሆን እንደሚችልም በር ይከፍታል።

ሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች የሚጠይቁት ማስረጃ አንድ አይደለም። ለመጀመሪያው ከሥልጠናው በፊትና በኋላ የተሰበሰበ መረጃ ይበቃል። ለሁለተኛው ሌሎች ምክንያቶች፣ ለምሳሌ የዝናቡ መሻሻል ወይም የማዳበሪያው ዋጋ መቀነስ፣ ውጤቱን እንዳላመጡ ማሳየት ያስፈልጋል። ለሦስተኛው በአንድ ጊዜ የተሰበሰበ የሁለት ቡድኖች መረጃ በቂ ነው። ስላይዱ ሦስቱንም ይፈቅዳል፤ በሴሚናሩ ላይም እያንዳንዱ አድማጭ የመሰለውን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ዘገባው ግን ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ ምርጫውም ለጆሮ በሚጥመው ሳይሆን በእጅ ባለው መረጃ ይወሰናል።

ሁለተኛው ስውር ነገር ክብደት ነው። በስላይድ ላይ የነጥብ ደረጃ የሚታወቀው ከኅዳጉ በገባበት መጠንና በፊደሉ ትልቅነት ነው። ወደ ውስጥ የገባው ንኡስ ነጥብ የበታች ሆኖ ይነበባል። ይህ የአቀማመጥ ሥርዐት አንዳንድ ጊዜ ከሐሳቡ እውነተኛ ክብደት ጋር ይጋጫል፤ ግጭቱ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የሚቀጥለው ምሳሌ ያሳያል።

3. የኮሎምቢያው ስላይድ

ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ጥር 8 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2003) ስትወነጨፍ፣ ከ82 ሴኮንድ ገደማ በኋላ ከውጭኛው የነዳጅ ታንክ የተገነጠለ የፎም ቁራጭ የግራ ክንፏን መታ። መንኮራኩሯ በምሕዋር ላይ ሳለች የቦይንግና የናሳ መሐንዲሶች ምቱ ያደረሰውን ጉዳት ለመገመት ሞከሩ። ካገለገሏቸው መሣሪያዎች አንዱ ክሬተር የሚባል ሞዴል ነበር፤ ይህ ሞዴል አንድ ቁራጭ የሙቀት መከላከያ ታይልን ምን ያህል ሊበሳ እንደሚችል ያሰላል። ውጤቱ ለናሳ ኃላፊዎች በስላይድ ቀረበ፤ ኃላፊዎቹም ምቱ ለበረራው ደኅንነት አያሰጋም በሚል ግምት ቀጠሉ። ጥር 24 ቀን መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ።

በአድሚራል ሃሮልድ ጌማን የሚመራው የአደጋው መርማሪ ቦርድ በነሐሴ 1995 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የአደጋውን ቴክኒካዊ ምክንያት ከመዘርዘር አልፎ የተቋሙን የመረጃ ልውውጥ መርምሯል። የመረጃ አቀራረብ ተመራማሪው ኤድዋርድ ተፍቲ ከስላይዶቹ ስለ አንዱ የሰጠውን ትንታኔም በዘገባው አካትቷል። ቦርዱ በቴክኒካዊ ጽሑፎች ምትክ ስላይድ መጠቀም በተቋሙ ሥር የሰደደ ልማድ መሆኑን ጠቅሶ ነቅፏል። የስላይዱ ይዘት በአማርኛ ሲመለስ በግርድፉ የሚከተለውን ይመስላል።

ርእስ፦ የሙከራ መረጃ ግምገማ በታይል መበሳት ረገድ ትንበያው ወደ ጥንቃቄ ያደላ መሆኑን ያመለክታል

ሀ. ክሬተርን ለማዘጋጀት ያገለገለው የፎምና የታይል ሙከራ መረጃ ተገምግሟል
– ክሬተር የታይሉን ልባስ መበሳት ጉልህ በሆነ መጠን አስበልጦ መተንበዩ
–– የመጀመሪያው መበሳት በቀጤ ነክ ፍጥነት መገለጹ
––– ከቁራጩ ይዘትና ክብደት ጋር መለዋወጡ (ለምሳሌ ለ3 ኪዩቢክ ኢንች፣ በሴኮንድ 200 ጫማ)
–– ለስላሳው ፎም ጠንካራውን ልባስ ለመብሳት ጉልህ ጉልበት ማስፈለጉ
––– በበቂ ክብደትና ፍጥነት ሊሆን እንደሚችል ሙከራዎች ማሳየታቸው
–– በአንጻሩ ታይሉ አንዴ ከተበሳ ፎሙ ጉልህ ጉዳት ማድረስ መቻሉ
––– ከመብሻው ወሰን በላይ ያለ ጥቂት የጉልበት ልዩነት ጉልህ የታይል ጉዳት ማስከተል መቻሉ
– የበረራው ሁኔታ ጉልህ በሆነ መጠን ከሙከራ መረጃው ውጭ መሆኑ
–– የቁራጩ ይዘት 1920 ኪዩቢክ ኢንች፣ የሙከራው 3 ኪዩቢክ ኢንች

አንባቢ ይህን ስላይድ ከላይ ወደ ታች ሲያነብ በመጀመሪያ የሚያገኘው የሚያረጋጋ ርእስ ነው። በመጨረሻ፣ በንኡስ ነጥብ መልክ የሚያገኘው ደግሞ ርእሱን የሚያናጋውን ቁጥር ነው። 3 ኪዩቢክ ኢንች 49 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ አንዲት የቡና ሲኒ የምትይዘውን ያህል ማለት ነው። 1920 ኪዩቢክ ኢንች ግን ከ31 ሊትር በላይ ስለሆነ በ25 ሊትር ጀሪካን ውስጥ እንኳ አይገባም።

4. ለውጡ በደረጃ

የመጀመሪያው ሥራ ለእያንዳንዱ ነጥብ ባለቤትና ማሠሪያ ግሥ መስጠት ነው። በዚህ ደረጃ ነጥቦቹን ማያያዝ ገና አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሁን። «አስበልጦ መተንበዩ» የሚለው «ክሬተር አስበልጦ ተንብዮአል» ሲሆን ወዲያውኑ ጥያቄ ይነሣል፤ ከምን አስበልጦ? መልሱ «በሙከራ ከታየው» የሚል ነው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ የሚናገረው ስለ ትንንሾቹ የሙከራ ቁራጮች እንጂ ስለ በረራው አይደለም። ነጥቡ ይህን ወሰን አልጻፈውም ነበር፤ ግሡ በአንጻሩ እንድንጽፈው ያስገድደናል። በተመሳሳይ መንገድ «ሊሆን እንደሚችል ሙከራዎች ማሳየታቸው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሲሆን፣ ፎም ልባሱን መብሳቱ በሙከራ የታየ ነገር እንጂ ግምት አለመሆኑ ይገለጣል።

ሁለተኛው ሥራ የተለጠጡ ቃላትን መፈተን ነው። «ጉልህ» የሚለው ቃል በስላይዱ ላይ አምስት ጊዜ ይገኛል፤ በእንግሊዝኛው ቅጂም አቻው አምስት ጊዜ ተጽፏል። በአምስቱ ቦታዎች የያዘው ፍቺ ግን አንድ አይደለም። አንድ ጊዜ የትንበያ ስሕተትን መጠን፣ ሌላ ጊዜ የሚያስፈልገውን ጉልበት፣ ሁለት ጊዜ የጉዳትን ክብደት፣ በመጨረሻም ከሙከራው ክልል የመራቅን መጠን ይናገራል። በአምስተኛው ቦታ ቃሉን የሚተካ ቁጥር በስላይዱ ላይ አለ፤ 1920 ለ3 ሲካፈል 640 ይሆናል። በሌሎቹ አራት ቦታዎች ቁጥር የለም። ጸሐፊው እዚህ ላይ ወደ ሙከራው ሰነድ ተመልሶ ቁጥሩን መፈለግ ይኖርበታል፤ ካላገኘ ቃሉን ማለዘብ ወይም መጠኑ ያልተገለጸ መሆኑን መጻፍ አለበት። «ጉልህ»ን በ«ከፍተኛ» መተካት ቃል መለወጥ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሥራ ዝምድናን መሰየም ነው። ለእያንዳንዱ ጥንድ ዐረፍተ ነገር «ሁለተኛው ለመጀመሪያው ምኑ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል፤ ምክንያቱ ነው፣ ውጤቱ ነው፣ ምሳሌው ነው፣ ወሰኑ ነው ወይስ ተቃራኒው? ለስላሳው ፎም ጠንካራውን ልባስ ለመብሳት ብዙ ጉልበት እንደሚያስፈልገው የሚናገረው ነጥብ፣ ክሬተር አስበልጦ ከመተንበዩ ሥር ተቀምጧል። አቀማመጡ ምክንያቱ ነው የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ነገር ግን ስላይዱ «ምክንያቱም» አላለም። ጸሐፊው መስተጻምሩን ከጨመረ ስላይዱ ያላለውን ይናገራል። ይህን ከመሐንዲሱ ሳያረጋግጥ ሊጽፈው አይገባም።

አራተኛው ሥራ የዐረፍተ ነገሮቹን ቅደም ተከተል መወሰን ነው። ለዚህ የሚጠቅመው ጥያቄ፣ የትኛው ዐረፍተ ነገር ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ድምዳሜው ይለወጣል የሚለው ነው። በዚህ ስላይድ ላይ መልሱ የመጨረሻው ነጥብ ነው። የበረራው ቁራጭ የሙከራውን ያህል ቢሆን ኖሮ ርእሱ ሊቆም ይችል ነበር፤ 640 እጥፍ ከሆነ ግን ሌላው ነጥብ ሁሉ በዚህ ወሰን ሥር ይነበባል። ስለዚህ በአንቀጹ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል።

5. የተገኘው አንቀጽ

ከላይ ያሉት አራት ሥራዎች ሲጠናቀቁ አንቀጹ እንደሚከተለው ይሆናል።

«ከነዳጅ ታንኩ የተገነጠለው የፎም ቁራጭ ይዘቱ 1920 ኪዩቢክ ኢንች ሲሆን፣ በሙከራ የተጠኑት ቁራጮች ግን ይዘታቸው 3 ኪዩቢክ ኢንች ነበር። የበረራው ቁራጭ በሙከራ ከተጠኑት 640 እጥፍ ስለሚበልጥ ክሬተር ከተመሠረተበት መረጃ ክልል ውጭ ነው። በዚያ ክልል ውስጥ ክሬተር የታይሉን ልባስ መበሳት በሙከራ ከታየው አስበልጦ ተንብዮአል። ለስላሳው ፎም ጠንካራውን ልባስ ለመብሳት ብዙ ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ሆኖም ቁራጩ በቂ ክብደትና ፍጥነት ካለው ሊበሳው እንደሚችል እነዚያው ሙከራዎች አሳይተዋል። ልባሱ አንዴ ከተበሳ ደግሞ ከመብሻው ወሰን በላይ የሚኖር ጥቂት የጉልበት ልዩነት በታይሉ ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ክሬተር በትንንሽ ቁራጮች ላይ ወደ ጥንቃቄ ማድላቱ፣ ለዚህ ቁራጭም እንዲሁ እንደሚሆን አያረጋግጥም።»

አንቀጹ በስላይዱ ላይ የሌሉ ሁለት ነገሮችን ይዟል፤ የሁለቱ ዐይነት ግን የተለያየ ነው። 640 የሚለው ቁጥር በስላይዱ ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች በማካፈል የተገኘ በመሆኑ ማንም አንባቢ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ መጨመሩም ፈቃድ አያስፈልገውም። በ«ስለዚህ» የሚጀምረው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ግን የለዋጩ ድምዳሜ ነው፤ እንዲያውም ከስላይዱ ርእስ ጋር ይጋጫል። የራሱን ስላይድ የሚለውጥ ሰው እዚህ ሲደርስ ርእሱን ማረም ይኖርበታል። የሌላ ሰው ስላይድ የሚለውጥ ጸሐፊ ደግሞ ሁለት መንገድ ብቻ አለው፤ ወይ ግጭቱን ለአቅራቢው አሳይቶ ማስወሰን፣ ወይም ድምዳሜው የራሱ መሆኑን በግልጽ መጻፍ። ርእሱን በዝምታ መቀየርም ሆነ ግጭቱን በለሰለሰ ቃል መሸፈን ዘገባውን ያዛባዋል።

ለውጡ ያጋለጠው ዋና ክፍተት የሚታየው ርእሱን እንደ ድምዳሜ አድርገን ዐረፍተ ነገሩን ለመጻፍ ስንሞክር ነው። «ክሬተር በ3 ኪዩቢክ ኢንች ቁራጮች ላይ አስበልጦ ስለተነበየ፣ በ1920 ኪዩቢክ ኢንች ቁራጭ ላይም ያስበልጣል» ብሎ የጻፈ ሰው የገዛ ዐረፍተ ነገሩ ይይዘዋል። ሁለቱ ቁጥሮች በ«ስለ» ተያይዘው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲቆሙ ክፍተቱ ከዐይን አይሰወርም። በስላይዱ ላይ ግን ርእሱና ቁጥሩ በዘጠኝ መስመር ተራርቀው ስለተቀመጡ ክፍተቱ በቀላሉ አይታይም።

እዚህ ላይ ገደቡን ማስታወስ ይገባል። ቦርዱ እንዳረጋገጠው ፎሙ የመታው ታይሉን ሳይሆን የግራ ክንፉን የፊት ጠርዝ የሚሸፍነውን የተጠናከረ የካርበን ፓነል ነው። ስለዚህ ስለ ታይል የተጻፈው አንቀጽ በራሱ የጉዳቱን ቦታ አያሳይም ነበር፤ ለአደጋውም ስላይዱን ብቸኛ ምክንያት ማድረግ አይቻልም። አንቀጹ ሊያሳይ ይችል የነበረው መሐንዲሶቹ የያዙት መረጃ ለማረጋጋት የማይበቃ መሆኑን ነው። ይህም በወቅቱ ለሚወስን ኃላፊ ትንሽ ነገር አይደለም።

6. በአማርኛ በተለይ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

የአማርኛ ጸሐፊ ከላይ የተዘረዘሩትን ሥራዎች ሳይሠራ ተያያዥ የሚመስል አንቀጽ እንዲጽፍ ቋንቋው ራሱ መንገድ ይከፍትለታል። ከመንገዶቹ ሦስቱ ዘወትር ይታያሉ።

አንደኛው ቦዝ ግሥን መደርደር ነው። «የሙከራ መረጃው ተገምግሞ፣ ክሬተር ተሰልቶ፣ ከበረራው ሁኔታ ጋር ተነጻጽሮ ታይሉ እንደማያሰጋ ተገምቷል» የሚለውን እንመልከት። ዐረፍተ ነገሩ ይፈስሳል፤ ሰዋስዋዊ ጉድለትም የለበትም። ነገር ግን «ተገምግሞ» እና «ተነጻጽሮ» የሚሉት ቅደም ተከተልን ወይስ ምክንያትን እንደሚናገሩ አይታወቅም፤ የንጽጽሩ ውጤት ምን እንደሆነም አልተነገረም። ቦዝ ግሥ የነጥብ ዝርዝርን ያህል ዝም ማለት ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን ቦዝ ግሥ ወደ ማሠሪያ ግሥ ለውጦ በመካከሉ መስተጻምር ለማስገባት መሞከር ነው። የትኛውን መስተጻምር ማስገባት እንዳለበት ጸሐፊው ካላወቀ ዝምድናው ገና አልተወሰነም።

ሁለተኛው «ሲሆን»፣ «እንዲሁም» እና «በተጨማሪም» የሚሉትን እንደ ማጣበቂያ መጠቀም ነው። «ሲሆን» በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ ከላይ በተለወጠው አንቀጽም ሁለት መጠኖችን ለማነጻጸር ገብቷል። ችግሩ የሚመጣው በተቃራኒዎች ወይም በምክንያትና በውጤት መካከል ሲገባ ነው። «ክሬተር አስበልጦ የተነበየ ሲሆን የበረራው ሁኔታ ከሙከራው ውጭ ነው» ያለ ጸሐፊ «ነገር ግን» የሚለውን ደብቋል። የነጥብ ምልክቱ ቢጠፋም ነጥቡ እዚያው አለ። በአንድ ገጽ ላይ እነዚህን ሦስት ቃላት አስምሮ መቁጠርና እያንዳንዱን በተለየ መስተጻምር ለመተካት መሞከር ብዙ ስውር ዝርዝሮችን ያወጣል።

ሦስተኛው ባለቤት የሌለው ተደራጊ ግሥ ነው። «ተገምግሟል»፣ «ታምኖበታል»፣ «ተወስኗል» የሚሉት በመደበኛ ጽሑፍ የተለመዱ ናቸው፤ ማን እንዳደረገው ግልጽ ወይም የማያስፈልግ ሲሆንም ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ነጥቡ ባለቤት ስላልነበረው ብቻ በተደራጊ ግሥ ከተለወጠ አንባቢው ጠቃሚ ልዩነት ያጣል። «እንደማያሰጋ ታምኖበታል» የሚለው የአጥኚው እምነት ነው፣ የቃለ መጠይቅ ተሳታፊዎች እምነት ነው ወይስ የቀደሙ ጥናቶች ድምዳሜ? ከስላይድ በመጣ ጽሑፍ ውስጥ ይህ መደባለቅ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም በስላይድ ላይ የራስ ግኝትና ከሌላ የተወሰደ ሐሳብ በአንድ ዐይነት ነጥብ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

7. በዝርዝር መቅረት ያለበት

ሁሉም ነጥብ አንቀጽ መሆን የለበትም። ለመለየት የሚያገለግለው ጥያቄ፣ የነጥቦቹ ቅደም ተከተል ቢለዋወጥ ትርጉሙ ይለወጣል ወይ የሚለው ነው። የጥናቱ መሣሪያዎች፣ ናሙና የተወሰደባቸው ቀበሌዎች ወይም የቃላት መፍቻ ቢለዋወጡ የሚጠፋ ነገር የለም፤ በዝርዝር መቅረታቸው አንባቢን ይረዳል። የቤተ ሙከራ አሠራር ቅደም ተከተሉ ቢለወጥ ይበላሻል፤ ነገር ግን በእርምጃዎቹ መካከል ያለው ዝምድና አንድ ብቻ፣ ማለትም «ከዚያ» ስለሆነ፣ በቁጥር የተዘረዘረ ቢሆን ይመረጣል። በርካታ ቁጥሮችን የሚያነጻጽር ስላይድ ደግሞ ወደ ሠንጠረዥ መሄድ አለበት፤ በአንቀጽ ውስጥ የተበተኑ ቁጥሮች ለማነጻጸር አይመቹም። አንቀጽ መሆን የሚገባቸው የግኝት፣ የትንታኔና የድምዳሜ ስላይዶች ናቸው። በእነዚህ ላይ በነጥቦቹ መካከል ያለው ዝምድና ራሱ ግኝቱ ነውና።

የርዝመት መለኪያም አስቀድሞ ሊቀመጥ አይችልም። አሥር መስመር የነበረው የኮሎምቢያ ስላይድ አንድ አንቀጽ ሆኗል። በሁለተኛው ክፍል የታዩት ሦስት አጫጭር ነጥቦች ግን፣ ጸሐፊው የምክንያት አባባሉን ከመረጠ፣ ሌሎች ምክንያቶችን ለማስወገድ ገጾች ሊጠይቁ ይችላሉ።

8. ማጠቃለያ

የስላይድ ጽሑፍን ወደ ዘገባ የሚለውጥ ጸሐፊ ለእያንዳንዱ ነጥብ ማሠሪያ ግሥ፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ ዝምድና፣ ለጠቅላላው የክብደት ቅደም ተከተል ይሰጣል። ሦስቱንም ሲሰጥ ከስላይዱ ወደ ኋላ፣ ወደ ሙከራው ማስታወሻ፣ ወደ መጠይቁና ወደ አቅራቢው መመለሱ አይቀርም። ሳይመለስ የጨረሰ እንደሆነ ባዶ ቦታዎቹን በግምት ሞልቷል ወይም በ«ሲሆን» እና በቦዝ ግሥ ሸፍኗል ማለት ነው። ረቂቁ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ፍተሻ አንድ ነው፤ በዘገባው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም» እና «ምክንያቱም» አውጥቶ፣ ከአጠገቡ የሚደግፈውን ማስረጃ መጻፍ። አጠገቡ ባዶ የቀረ መስተጻምር ካለ፣ ወይ ማስረጃው ይፈለጋል ወይ መስተጻምሩ ይነሣል።